መውጫ ያጣ ትንፋሽ

ያደግኩት ቢሾፍቱ ነው። አጎቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ብሎኬት ያመርት ስለነበር፣ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እኔና ታላቅ ወንድሜ የምንውለው እሱ ግቢ ነበር። ግቢው ውስጥ ሁለት ክምር አይጠፋም። አንዱ ከጥቁር እስከ ቀይ ቀለም ያለው፣ ሻካራ፣ በቀዳዳ የተሞላ ድንጋይ ነው፤ ሠራተኞቹ «ሬድ አሽ» ይሉታል። ሌላው ነጣ ያለና እጅ ላይ ሲያዝ የሌለ ያህል የሚቀል ነው፤ እሱ «ፑሚስ» ነው። እናቴ ተረከዟን የምትፍቅበትን ድንጋይ የምታስመርጠን ከዚህኛው ክምር ነበር።

አንድ ቀን ወንድሜ ከሁለቱም ክምር አንዳንድ አንስቶ የውሃ በርሜል ውስጥ ጣላቸው። ሬድ አሹ ሰመጠ። ፑሚሱ ተንሳፈፈ። ድንጋይ ሲንሳፈፍ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ሮጬ አጎቴን ጠራሁት።

«ጋሼ፣ ይሄ ለምንድን ነው የማይሰምጠው?»

«አየር ስላለበት ነዋ።»

«አየሩን ማን ከተተበት?»

«እሳቱ ነዋ! ከመሬት ውስጥ ሲወጣ አብሮት የወጣ ነው» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሥነ ምድር ሳጠና የአጎቴ መልስ ከግማሽ በላይ ትክክል እንደነበር ገባኝ። አየር ያለው ነገር በአመዛኙ የውሃ እንፋሎት ነው። እንፋሎቱን ከውጭ የከተተበት የለም፤ ከራሱ ከቅልጡ ድንጋይ ውስጥ የወጣ ነው። አንዱ እሳተ ገሞራ አጠገቡ ቆመን የምናየው፣ ሌላው ደግሞ አገር የሚያጠፋ የሚሆነው ይህ እንፋሎት በጊዜ መውጫ ስላገኘ ወይም ስላጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትም ሆነ በዓይኔ ያየሁት ሁሉ ወደዚያ በርሜል ይመልሰኛል።

ግን መጀመሪያ ድንጋዩ መቅለጥ አለበት፤ እሱም ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም።

ከእግራችን በታች የሚፈላ የእሳት ባሕር ያለ፣ እሳተ ገሞራም እሱን የሚቀዳ ጉድጓድ የሆነ ይመስለናል። እንዲህ ያለ ባሕር የለም። ከመሬት ቅርፊት በታች ያለው፣ ማንትል የሚባለው ወፍራም ክፍል ጠጣር ድንጋይ ነው። ሙቀቱ ከ1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል፤ እዚህ ላይ ብናመጣው በቀለጠ ነበር። እዚያ ታች ግን በላዩ የተጫነው ክብደት ጨብጦ ይይዘዋል። ድንጋይ ሲቀልጥ ይሰፋል፣ ጫናው ደግሞ እንዲሰፋ ቦታ አይሰጠውም።

ይህን ለመረዳት ደጋ ላይ ባቄላ የቀቀለ ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ ደግሞ በ100። ከፍ ባልን ቁጥር ከላይ የሚጫነን አየር ይቀንሳል፣ ውሃውም ባነሰ ሙቀት ይፈላል። ማንትልም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ጫናው ሲቀንስለት፣ አንድ ዲግሪ እንኳ ሙቀት ሳይጨመርለት መቅለጥ ይጀምራል።

ጫናውን የሚያነሳለት ማን ነው? በእኛ አገር መልሱ አፋር ላይ ይገኛል። የአረቢያ፣ የኑብያና የሶማሊያ የመሬት ንጣፎች እዚያ ተገናኝተው ይለያያሉ። የአረቢያው ንጣፍ የሚሸሸው በዓመት ከሁለት ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት ነው፤ ጥፍራችን ከዚህ በፍጥነት ያድጋል። ሆኖም ይህ በሚሊዮን ዓመታት ሲባዛ ቅርፊቱን እንደ ሊጥ ይስበዋል፣ ያሳሳዋል። በደጋው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ቅርፊት በሰሜን አፋር ከ20 ኪሎ ሜትር በታች ይወርዳል። ቅርፊቱ ሲሳሳ ከሥሩ ያለው ትኩስ ማንትል ቦታውን ለመሙላት ዝግ ብሎ ወደ ላይ ይመጣል፤ እየመጣ ሳለ ጫናው ይቀልለታል፤ ሲቀልለት ጥቂቱ ይቀልጣል። ጥቂቱ ያልኩት አውቄ ነው። ሁሉም አይቀልጥም፤ በድንጋዩ ቅንጣቶች መካከል እንደ ላብ ብቅ የሚል ፈሳሽ ነው። ያ ላብ ይጠራቀማል፤ ከከበበው ድንጋይ ስለሚቀል ወደ ላይ ይገፋል። ማግማ የምንለው እሱን ነው።

ሌላም መንገድ አለ። በጃፓን፣ በኢንዶኔዢያና በደቡብ አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ የውቅያኖስ ወለል ከሌላ ንጣፍ ሥር ሰርጎ ይገባል፤ በማዕድናቱ ውስጥ የያዘውን ውሃም ይዞ ይወርዳል። ያ ውሃ ከላይ ወዳለው ማንትል ሲዘልቅ የመቅለጫውን ሙቀት ያወርደዋል። እንዲህ የተወለደ ማግማ ከመነሻው ውሃ የጠገበ ነው። የታምቦራ፣ የክራካታውና የፒናቱቦ ፍንዳታዎች ሁሉ የተነሡት በእንዲህ ያለ ቦታ መሆኑ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። እኔ ግን የማውቀው የእኛን ነው፤ ወደ አፋር ልመለስ።

ኤርታ አሌን ያየሁት በ2008 ዓ.ም. ነው። በአፋርኛ «የሚጨስ ተራራ» ማለት ነው። ተራራ ይባል እንጂ ከባሕር ጠለል በላይ 613 ሜትር ብቻ ነው፤ ሰፊና ዝርግ፣ ምጣድ ላይ እንደተዘረጋ እንጀራ ነው። ቅርጹ ራሱ ታሪኩን ይናገራል፤ ከውስጡ የወጣው ላቫ ቀጭን ስለነበረ ተከምሮ አልቆመም፣ ሩቅ ፈስሶ ተነጠፈ። ሙቀቱን ፈርተን በሌሊት ተጓዝን፤ ውሃችንንና ፍራሻችንን ግመሎች ተሸክመውልን ነበር። ጫፉ ላይ ስንደርስ ከጉድጓዱ ውስጥ ቀይ ብርሃን ጭሱን ከሥር ያበራው ነበር።

ወደ ታች ሳይ ሐይቁ ጥቁር ነበር፤ አለመቅላቱ አስገረመኝ። ላዩ ቀዝቅዞ እንደ ቆዳ ይሆናል፣ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ቀይ መስመር ይታያል፤ ከዚያ አንዱ ቁራጭ ዘንበል ብሎ ይሰምጣል። በየጥቂት ጊዜው አንድ ቦታ ያብጥና እንደ ትልቅ አረፋ ይፈነዳል፤ ቀይ ላቫ ጥቂት ሜትር ወደ ላይ ይረጫል፣ ተመልሶም ይወድቃል። ድምፁ ባሕር ዳርቻ ላይ ማዕበል ሲመታ እንደሚሰማው ነው። ድኝ የሚሸት ጭስ ጉሮሮዬን ያዘኝ፤ በነጠላዬ አፌን ሸፈንኩ። እግሬ ሥር ወርቃማ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነገር ነፋስ ጥግ ላይ ሰብስቦት ነበር። አንስቼ ሳየው ብርጭቆ ነው፤ የተረጨው ላቫ በአየር ላይ ተስቦ የቀዘቀዘ ክር።

የላቫው ሙቀት 1,150 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ በጥቂት አሥር ሜትር ርቀት ላይ ሰዎች ቆመን እናወራ ነበር። ይህን ነገር ለብዙ ጊዜ ሳሰላስለው ኖሬአለሁ፤ ምክንያቱም ከሚፈነዱት ማግማዎች ብዙዎቹ ከዚህ ይበርዳሉ። ሲፈነዳ ጥፋት የሚያመጣው ራዮላይት የሚባለው ማግማ ከ700 እስከ 850 ዲግሪ ነው። የበለጠ የሚያቃጥለው ገር፣ የበረደው ደግሞ ቁጡ ነው ማለት ነው።

ምክንያቱን ለእህቴ ልጅ ያስረዳኋት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ቀጭን ሾርባ ሲፈላ አረፋው ቶሎ ቶሎ ወጥቶ ይፈነዳል፤ ምድጃውም ብዙ አይቆሽሽም። ሽሮ ወፍሮ መንተክተክ ሲጀምር ግን እጅ ያቃጥላል፣ ግድግዳ ይረጫል። ከሥር ያለው እሳት አንድ ነው። ልዩነቱ፣ የወፈረው ሽሮ እንፋሎቱን ይዞ አላስወጣ ይለዋል፤ እንፋሎቱ ተጠራቅሞ ጉልበት ሲያገኝ ሽሮውን ይዞት ይዘላል። አንዱ ማግማ እንደ ሾርባው ነው፣ ሌላው እንደ ሽሮው፤ ከሽሮም ከሊጥም እጅግ የሚወፍር አለ።

የሚያወፍረው ሲሊካ ነው፤ አሸዋና ብርጭቆ የሚሠሩበት ያው ንጥረ ነገር። በቅልጡ ውስጥ የሲሊካ ቅንጣቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ረጅም ሰንሰለት ይሠራሉ፤ ሲሊካው በበዛ ቁጥር ሰንሰለቱ ይበዛል፣ ቅልጡም አልፈስ ይላል። ባዛልት የሚባለው የኤርታ አሌ ማግማ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ሲሊካ ነው፤ ከማር ብዙም አይወፍርም። ራዮላይት ውስጥ ከ70 በመቶ በላይ ይሆናል፤ በርዶም ስለሚመጣ አልፈስ ባይነቱ ከባዛልት ከሚሊዮን እጥፍ በላይ ይሆናል።

ታዲያ ከአንድ ማንትል የመጣ ማግማ እንዴት ሁለት ጠባይ ያወጣል? መንገድ ላይ ስለሚቆይ ነው። ወደ ላይ የሚገፋው ማግማ ብዙ ጊዜ በጥቂት ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ይቆምና እዚያ ይጠራቀማል። እየቀዘቀዘ ሲሄድ መጀመሪያ የሚረጉት ብረትና ማግኒዚየም የበዛባቸው፣ ሲሊካ ያነሰባቸው ማዕድናት ናቸው። ባቄላና ምስር የተቀላቀለበት ሰፌድ ይዛችሁ ባቄላውን ብቻ ስትለቅሙ በሰፌዱ ላይ የምስሩ ድርሻ እያየለ ይሄዳል። እንዲሁም ማዕድናቱ እየረጉ ሲለዩ የተረፈው ፈሳሽ ሲሊካው ይበዛል። ውሃውም እንደዚሁ ነው፤ የሚረጉት ማዕድናት ውሃ አይወስዱምና የተረፈው ውስጥ ይከማቻል። ለሺህ ዓመታት የቆየ ማግማ ወፍራምም ውሃ የጠገበም የሚሆነው ለዚህ ነው። መያዣው እየጠበበ፣ የሚያዘው እየበዛ ይሄዳል።

ውሃው ገና ታች ሳለ አይታይም። አምቦ ውሃ ጠርሙሱ እንደተከደነ ጋዙ የት እንዳለ አይታይም፤ ቆርኪው ሲከፈት ጫናው ይቀንሳል፣ አረፋውም ከየት መጣ ሳይባል ይሞላል። በጥልቀት ያለ ራዮላይት ከክብደቱ እስከ 4 ወይም 5 በመቶ ውሃ አሟሙቶ ሊይዝ ይችላል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ያ ውሃ ወደ ምድር ገጽ ቀርቦ እንፋሎት ሲሆን መጠኑ ከሺህ እጥፍ በላይ ይሰፋል። በባዛልት ውስጥ አረፋው በቀጭኑ ቅልጥ መካከል ሽቅብ ሾልኮ ያመልጣል፤ ያ ነው ኤርታ አሌ ላይ ሲፈነዳ ያየሁት። በራዮላይት ውስጥ አረፋው መንቀሳቀስ አይችልም። በተወለደበት ቦታ ያብጣል፣ ጎረቤቱም ያብጣል፣ ማግማው ሁሉ ወደ አረፋነት ይለወጣል፣ አረፋውም የሚገኘውን ቦታ ሁሉ ለመያዝ በጉሮሮው ሽቅብ ይወረወራል።

ከዚያ የሚሆነው ነገር ከሁሉ ይበልጥ ይገርመኛል። የቀለጠ ከረሜላ ቀስ ተብሎ ሲሳብ ይለጠጣል፤ በድንገት ሲነጠቅ ይሰበራል። ማግማውም አረፋው ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ሲሞላው፣ መስፋቱም ከመፍሰስ አቅሙ ሲቀድም፣ ፈሳሽ ሳለ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። በዚያች ቅጽበት አረፋ የነበረው ማግማ ብናኝ የያዘ ጋዝ ይሆናል። «አመድ» የምንለው እሱን ነው። ቃሉ ምድጃ ላይ የቀረውን ነገር ስለሚያስታውሰን ያሳስተናል፤ ይህ የተቃጠለ ነገር ትራፊ አይደለም። የተሰበሩ አረፋዎች ግድግዳ ነው፣ ስለታም የብርጭቆ ስባሪ። የሰው ሳንባ የሚጎዳው፣ የአውሮፕላን ሞተር ውስጥ ገብቶ የሚቀልጠውና የሚለጠፈው ለዚህ ነው። ሳይደቅ የቀረው ጉማጅ ፑሚስ ይሆናል። አጎቴ ግቢ በርሜል ውስጥ የተንሳፈፈው ድንጋይ መውጫ ያጣ እንፋሎት ነበር፤ ያበጠበት ቅርጽ እንዳለ ደርቆ የቀረ።

ለዚህ ነገር ጥሩ ምስክር አለን፤ ባልጩት። ያ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሲሰበር እንደ ምላጭ የሚስል ድንጋይ በሲሊካ መጠኑ ከፑሚስ ጋር አንድ ሊሆን ይችላል። መልካ ቁንጡሬ አጠገብ ስሙን ከድንጋዩ የወሰደ ባልጪት የሚባል ስፍራ አለ፤ የጥንት ሰዎች መሣሪያ የጠረቡት ከዚያ ባልጩት ነው። ባልጩት እንፋሎቱ ቀስ ብሎ በስንጥቆች የሾለከለት ራዮላይት ነው። መውጫ ስላገኘ አልፈነዳም፤ ወፍሮ ዝግ ብሎ ፈሰሰና ብርጭቆ ሆነ። አንዱ ሰማይ ሲያጨልም ሌላው ዝም ብሎ ተኛ። «ሲሊካ ከበዛ ይፈነዳል» ብሎ ነገሩን የሚዘጋ ሰው ሲያጋጥመኝ ባልጩትን የማሳየው ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ ቦታ፣ በዓይን የታየው በ1998 ዓ.ም. ነው። መስከረም መጀመሪያ ላይ በአፋር፣ ዳባሁ ከሚባለው ተራራ አካባቢ መሬት መንቀጥቀጥ ጀመረ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከ160 በላይ ጠንከር ያሉ መንቀጥቀጦች ተመዘገቡ። መስከረም 16፣ ደጋው አገር ደመራ በሚለኮስበት ቀን፣ ከዳባሁ በስተምሥራቅ ዳዑሬ ላይ መሬት ተከፍቶ ጥቁር ጭስ ወጣ፤ አመዱ አካባቢውን ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት አጨለመው። ከ6,000 በላይ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው ሸሹ። በኋላ የሄዱት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የውጭ አገር ተመራማሪዎች ያገኙት ግማሽ ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ቦይና ከሥሩ የበቀለ ትንሽ የፑሚስ ጉብታ ነበር። ራዮላይት ነው።

ሳተላይቶች በራዳር የለኩት ነገር ግን ከዚያ ቦይ በብዙ ይበልጣል። መሬት በ60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተከፍሎ፣ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራርቆ ነበር። ክፍተቱን የሞላው ከታች የመጣ ማግማ ነው፤ እንደ ግድግዳ ቆሞ በስንጥቁ ውስጥ ገባ። በጂኦሎጂ ዳይክ ይባላል። መጠኑ 2.5 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ገደማ ተገምቷል፤ ያ ሁሉ ባዛልት ወደ ላይ ሳይወጣ እዚያው ቀረ። ዳባሁም ከሥሩ የነበረው ማግማ ስለተቀዳበት ጥቂት ሜትር ያህል ሰጠመ።

የዳዑሬን ፍንዳታ ሳስበው የሚታየኝ እንዲህ ነው። ከዳባሁ ሥር ለረጅም ዘመን በርዶ፣ ወፍሮ፣ ውሃ አጠራቅሞ የተቀመጠ ትንሽ ራዮላይት ነበር። ትኩሱ ባዛልት አጠገቡ ሲያልፍ አሞቀው፣ መሬቱንም ሰነጠቀለት። ቆርኪው ተከፈተ። ባዛልቱ ራሱ አልፈነዳም፤ የሌላውን ጠርሙስ ከፈተ።

ከዚያ እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ በዚያው መስመር 13 ተጨማሪ ዳይኮች ገቡ። አሥሩ ከመሬት በታች ቀሩ። ሦስቱ፣ በነሐሴ 1999፣ በሰኔ 2001 እና በግንቦት 2002፣ ከምድር ገጽ ደረሱ፤ የወጣው ባዛልት ነበር። ከስንጥቁ ቀይ መጋረጃ መስሎ ተረጨ፣ ፈሰሰ፣ በጥቂት ቀን ቆመ። በአምስት ዓመት ውስጥ አንዱ ስምጥ ሁለቱንም ጠባይ አሳየን። ለዚህ ነው «አፋር ያለው እሳተ ገሞራ ገር ነው ወይስ ፈንጂ?» ተብዬ ስጠየቅ ባንድ ቃል የማልመልሰው።

ባዛልትም ቢሆን ሁልጊዜ ገር አይደለም። እንዲህ የምለው ያደግኩባቸውን ሐይቆች አስቤ ነው። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ የቢሾፍቱ ሐይቅ፣ ሁሉም የፍንዳታ ጉድጓዶች ናቸው። ከሥር የመጣው ባዛልት በሬድ አሽነት ኮረብታ ሊሠራ ይችል ነበር፤ በዙሪያው የሠራቸውም ኮረብቶች ሞልተዋል። በእነዚህ ቦታዎች ግን ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኘ። ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆነና ማግማውንም በላዩ የነበረውንም አለት አደቀቀው። በሐይቆቹ ዙሪያ መንገድ የተቆረጠበትን ገደል ቀረብ ብሎ ላየ፣ ስስ የአመድ ንጣፎች እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርበው፣ በመካከላቸው ከሥር የተነቀለ የአሮጌ አለት ቁራጭ ተሰክቶ ይታያል። ቁራጩ የወደቀበት ንጣፍ ወደ ታች ጎድጉዷል፤ ገና እርጥብ ሳለ እንደወደቀበት ያስታውቃል። እዚያ እንፋሎቱ ከማግማው ውስጥ አልመጣም፣ ከውጭ ነው የመጣው። መውጫ የማጣቱ ነገር ግን ያው ነው።

ሌላው የሚያስፈራኝ የተዘጋ ጉሮሮ ነው። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ከኤርታ አሌ በስተደቡብ ያለው ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። ከዚያ በፊት ፈነዳ ተብሎ የተመዘገበበት ጊዜ የለም። የአመዱ ዓምድ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ አለ፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን፣ ከዚያም በፓኪስታንና በሰሜን ሕንድ ሰማይ ላይ አለፈ፤ በረራዎች ተሰረዙ። አፍዴራ አካባቢ ያሉ መንደሮች አመድ ለበሱ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ ባይባልም ከብቶች የሚግጡት ሣር ተሸፈነ። ከፍንዳታው አራት ወር በፊት ኤርታ አሌ ታውኮ፣ ማግማው ከመሬት በታች ወደ ደቡብ መጓዙን ራዳር አሳይቶ ነበር።

ሁለቱ ጎረቤት ናቸው፣ በአንድ ሰንሰለት ላይ። ነገር ግን ኤርታ አሌ ለአሥርተ ዓመታት አፉ ተከፍቶ ኖሯል፤ ጋዙን በየቀኑ ያስተነፍሳል። በጥር 2009 ሐይቁ ሞልቶ ሲፈስና ጎኑ ሲሰነጠቅ እንኳ የወጣው የሚፈስ ላቫ ነበር። ሃይሊ ጉቢ ለረጅም ዘመን ዝም ያለ ተራራ ነበር፤ ዝም ባለ ተራራ ውስጥ ጉሮሮው ይደርቃል፣ ይደፈናል። እኔ አንድን ተራራ ሳይ ከሲሊካው እኩል የምጠይቀው ይህንን ነው፤ ጋዙ አሁን በየት እየወጣ ነው? የሚጨሰው ተራራ ያስፈራል፤ እኔን ግን ሲጨስ ኖሮ በድንገት ያቆመው ይበልጥ ያሳስበኛል።

በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ጀምሮ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ የነበረውን አዲስ አበባ ያለን ሁሉ እናስታውሳለን። እኔ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ሌሊት አልጋዬ ሲወዛወዝ፣ የኮሪደሩ መብራት ሲዋልል፣ ጎረቤቶቼ ልጆቻቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ደረጃውን ሲወርዱ አብሬ ወርጄአለሁ። አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ ያሉት ወገኖቻችን ግን ቤታቸው ፈርሶ በአሥር ሺዎች ተፈናቅለዋል። በታኅሣሥ መጨረሻ ዶፈን አጠገብ መሬት ተከፍቶ እንፋሎትና ጭቃ ሲተፋ ቪዲዮው በየስልኩ ዞረ።

ያን ቀን አጎቴ ደወለ። አሁን ሸምግሏል፤ ብሎኬቱንም ለልጁ አስረክቧል።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ከወጣ የሚወጣው የትኛው ነው? ሬድ አሹ ነው ወይስ ፑሚሱ?»

ብዙ ሰው የጠየቀኝ «ይፈነዳል ወይ?» ብሎ ነበር። ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀኝ እሱ ነው። ፈንታሌ ሁለቱንም አውጥቷል አልኩት። በ1820ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከደቡብ ጎኑ በተከፈተ ስንጥቅ ጥቁር ባዛልት ፈስሷል። ከዚያ እጅግ በፊት ደግሞ አናቱን የቀደደ ፍንዳታ አካባቢውን በትኩስ አመድ ደመና ሸፍኖታል፤ አመዱም ከሙቀቱ የተነሣ ተጣብቆ አለት ሆኗል። አሁን ሳተላይቱ የሚነግረን ዳይክ መግባቱን፣ ርዝመቱንና ስፋቱን ነው። መንቀጥቀጡ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ይጠቁመናል። የሚገባው ባዛልት እንደሆነ ከስፍራውና ከአገባቡ እንገምታለን። የሚያሰጋው ዳዑሬ ላይ እንዳደረገው የሌላውን ጠርሙስ እንዳይከፍት ነው። ዶፈን ላይ የወጣው ደግሞ የሞቀ የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ማግማ አልተገኘበትም።

መንቀጥቀጡ በወራት ውስጥ ረገበ። ቀጥሎ ቢሾፍቱ ስሄድ አጎቴን ያገኘሁት አሮጌው ግቢ አጥር ሥር፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ነው።

«ታዲያ የገባው የት ደረሰ?» አለኝ።

«እዚያው ነው ጋሼ። እየቀዘቀዘ ነው።»

«አረፋ ሳያወጣ?»

«በዚያ ጥልቀት ጫናው ብዙውን ጋዝ ይዞበታል። ከረጋ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ድንጋይ ነው የሚሆነው።»

አጎቴ እጁን ወደ አጥሩ ዘርግቶ የብሎኬቱን ሻካራ ገጽ ዳበሰ። «እሱ ለእኛ ሥራ አይሆንም» አለ፤ «ይከብዳል።»